ለራዲዮ ኦፕቲማይዜሽን ትሬኒ ከቨር ሌተር እንዴት ይጻፋል፦ መጀመሪያ ስልካችሁን ይዛችሁ ውጡ

የኮሙኒኬሽን ስትሪም ጨርሳችሁ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፋችሁ፣ አሁን ቫካንሲ እያደናችሁ ያላችሁ ልጆች ይሄ ለእናንተ ነው። እኔ ኦፕቲማይዜሽን ላይ ነው የምሠራው፣ ትሬኒ ሲቀጠር ደግሞ ከኢንተርቪው በፊት ደብዳቤዎቹን እንዳይ ይሰጠኛል፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ አብዛኞቹን ስም ሸፍናችሁ ብታነቧቸው አንድ ሰው ነው የጻፋቸው ትላላችሁ። ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እችላለሁ፣ ጫና እቋቋማለሁ፣ ፋይናል ፕሮጀክቴ በአቶል የኤልቲኢ ፕላኒንግ ነው። በቃ። ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን አንዱን ከሌላው የምለይበት ምንም ነገር የለውም።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ልጅ ወይም ይቺ ልጅ ኔትወርክን አይቶ "ይሄ ለምን ሆነ?" ብሎ ያውቃል ወይ? ይሄንን ደግሞ ለማሳየት ውድ እቃ አያስፈልግም፣ የራሳችሁ አንድሮይድ ስልክና አንድ ሁለት ቀን ይበቃል። ስለዚህ ይሄ መመሪያ ግማሹ ስለመጻፍ አይደለም፣ የሚጻፍ ነገር ስለማግኘት ነው።

1. ቫካንሲውን በደንብ አንብቡት፣ በተለይ የትኛው "ኔትወርክ" እንደሆነ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ኔትወርክ የሚለውን ቃል ሲያይ ሲሲኤንኤ ሰርተፍኬቱን ይዞ ይመጣና የደብዳቤው የመጀመሪያ አንቀጽ ስለ ራውተርና ስዊች ይሆናል። ራዲዮ ኦፕቲማይዜሽን ማለት ከአንቴናው እስከ ስልኩ ያለው የአየር ክፍል ነው፣ ሥራው የተተከለውን ኔትወርክ መለካት፣ የት እንደሚታመም ማግኘት፣ ከዛ አንቴና ማዘንበል ወይም ፓራሜትር መቀየር ነው። ሲሲኤንኤው ሲቪ ላይ ይቀመጥ፣ አይጣልም፣ ግን ደብዳቤው ላይ መሪ አታድርጉት።

ሁለተኛው መምታታት ከፕላኒንግ ጋር ነው። ፕላኒንግ ሳይቱ ሳይተከል በፊት በሞዴል የሚሠራ ግምት ነው፣ ኦፕቲማይዜሽን ግን ግምቱ መሬት ላይ ሲወርድ ያልሆነውን ነገር ማስተካከል ነው። የአቶል ፕሮጀክታችሁን ኦፕቲማይዜሽን ብላችሁ ከጠራችሁት አንባቢው ልዩነቱን እንደማታውቁ ወዲያው ይገባዋል። ፕሮጀክቱን እንዴት እንደምታነሱት ወደ ታች እመጣበታለሁ።

2. ለክታችሁ ኑ

የምታውቁትን፣ ሰው የሚያማርርበትን ቦታ ምረጡ። በተለይ "ሲግናሉ ሙሉ ነው ግን አይከፍትም" የሚባልበት ቦታ ወርቅ ነው፣ ምክንያቱም ሲግናል የሌለበት ቦታ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ግልጽ ነው፣ ሲግናል እያለ የሚዘገይበት ግን ማሰብ ይጠይቃል። ርዝመቱ ከ300 እስከ 500 ሜትር የሆነ በእግር የሚሄድ መንገድ ይበቃል፣ ከተማ ሙሉ ለመለካት አትሞክሩ።

ስልኩ ላይ ጂ ኔት ትራክ ወይም ኔትወርክ ሴል ኢንፎ ከፕሌይ ስቶር ጫኑ፣ ነጻው ቨርዥን ይበቃል። ምንም ሳትጭኑ ለማየት ከፈለጋችሁ ሳምሰንግ ላይ ይሄንን እንደ ስልክ ቁጥር ጻፉት፣ የሰርቪስ ገጹ ይከፈታል (አንዳንድ ሞዴል ላይ ተዘግቷል)፦

```
*#0011#
```

ስክሪኑ ላይ ብዙ ነገር ይደረደራል፣ እናንተ አራቱን ብቻ ተከታተሉ፦

```
RSRP    SINR    PCI    EARFCN
```

አርኤስአርፒ የሴሉ ሲግናል ምን ያህል ጉልበት ይዞ እንደደረሰ ነው፣ በዲቢኤም፣ ሁሌም ኔጌቲቭ ነው፣ -80 አካባቢ ጥሩ፣ ከ-110 በታች ደካማ። ሲናር ያ ሲግናል ከሌሎች ሴሎች ረብሻና ከኖይዝ ምን ያህል በልጦ እንደሚሰማ ነው፣ በዲቢ፣ ከ15 በላይ ደስ የሚል፣ ወደ 0 ሲጠጋ ችግር። ፒሲአይ የሴሉ መለያ ቁጥር ነው፣ ኤልቲኢ ላይ ከ0 እስከ 503። የመጨረሻው ደግሞ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ እንዳላችሁ የሚናገር ቁጥር ነው።

ስትለኩ ስልኩን 4ጂ ላይ ቆልፉት፣ አለበለዚያ መሃል ላይ ወደ 3ጂ ይወርድና ሁሉም ነገር ይደባለቃል። ስልኩን በአንድ ዓይነት አያያዝ ያዙ፣ አንዴ ኪስ ውስጥ አንዴ እጅ ላይ ከሆነ የምታዩት ልዩነት የኔትወርክ ሳይሆን የሰውነታችሁ ይሆናል። ያንኑ መንገድ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሂዱ፣ እና ይሄ ነው ብዙ ሰው የማያደርገው፣ በሁለት የተለያየ ሰዓት፦ አንዱ ሰው በሚበዛበት ማታ 1 ሰዓት አካባቢ፣ ሌላው ጸጥ ሲል ማታ 5 ሰዓት አካባቢ። ለምን እንደሆነ አሁን ታዩታላችሁ። (ማታ 5 ሰዓት መንገድ ላይ ስልክ አውጥቶ መሄድ የማይመችበት ሰፈር ከሆነ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሂዱ፣ ወይ ከጓደኛ ጋር። ለደብዳቤ ተብሎ ስልክ አይነጠቅም።)

አንዳንድ ስልክ ላይ ሲናር ጭራሽ አይወጣም፣ ወይም የጎረቤት ሴሎች ዝርዝር ባዶ ይሆናል። የስልኩ ቺፕ ስለማይሰጠው ነው፣ እናንተ ያበላሻችሁት ነገር የለም፣ የጓደኛ ስልክ ሞክሩ።

3. ያያችሁትን በአማርኛ አስቡት

ደብዳቤው የሚገባው በእንግሊዝኛ ነው፣ ያው ታውቃላችሁ። ግን በቀጥታ በእንግሊዝኛ ስትጀምሩ ጣታችሁ ራሱ ከኢንተርኔት የለመደውን ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። እኔ የምመክረው መጀመሪያ ለክፍል ጓደኛችሁ እንደምትነግሩት በአማርኛ አራት ነገር ጻፉ፦ ምን አየሁ፣ ምን ጠረጠርኩ፣ ጥርጣሬዬን እንዴት ፈተንኩት፣ ምን ማወቅ አልቻልኩም። አራተኛዋን አትዝለሉ፣ ኋላ እንደምታዩት ደብዳቤውን የምትሸከመው እሷ ናት።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ተመራቂዋ ከግቢዋ በር እስከ ታክሲ መያዣው ያለውን 400 ሜትር ለካች እንበል። መሃል ላይ አንድ ፎቅ ጥግ አለ፣ እዛ ጋ ስልኩ ሙሉ ባር ያሳያል ግን ቪዲዮ ይሽከረከራል። የያዘችው ቁጥር ይሄ ነው፦ ጥጉ ላይ የያዛት ሴል ፒሲአይ 87፣ አርኤስአርፒ -82፣ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ጎረቤት ሆኖ የሚታየው ደግሞ ፒሲአይ 213፣ አርኤስአርፒ -84። ሲናር ከ1 እስከ 2። ዳውንሎድ ወደ 3 ሜጋቢት በሰከንድ። 150 ሜትር ወደ ታክሲው ስትቀርብ አርኤስአርፒው ወደ -88 ይወርዳል፣ ማለት ሲግናሉ ደክሟል፣ ሲናር ግን 17 ይሆናል፣ ዳውንሎዱም 28።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሲግናሉ የደከመበት ቦታ ላይ ኢንተርኔቱ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል! ይሄ ነው የደብዳቤው ልብ። ጥጉ ላይ ሁለት ሴሎች እኩል ድምጽ አላቸው፣ ልክ ሁለት ሰው እኩል እየጮኸ አንዱን ለመስማት እንደመሞከር ነው፣ ታክሲው ጋ ግን አንደኛው ርቆ ስለጠፋ የቀረው ዝግ ብሎ ቢናገርም ይሰማል። በሥራው ቋንቋ ጥጉ ላይ ዶሚናንት ሰርቨር የለም ይባላል።

አሁን ጥርጣሬውን መፈተን። ፒሲአይ ለ3 ሲካፈል የሚተርፈው ቁጥር ኤልቲኢ ላይ ትርጉም አለው፦

```
87 mod 3 = 0
213 mod 3 = 0
```

ሁለቱም የሚተርፋቸው እኩል ነው። ሁለት የአንቴና ፖርት ባላቸው ሴሎች ላይ ይሄ ሲሆን፣ ሴሎቹም በጊዜ የተናበቡ ከሆኑ፣ ሬፈረንስ ሲግናላቸው ተመሳሳይ ቦታ ላይ ይወድቃል፣ ማለት አንዱ የሌላውን መለያ ድምጽ ቀጥታ ይሸፍናል። ሬፈረንስ ሲግናል ደግሞ ተጠቃሚ ኖረም አልኖረም ይላካል። እና ለዛ ነው በሁለት ሰዓት ለኩ ያልኳችሁ፦ ችግሩ የጎረቤቱ ዳታ ጫና ቢሆን ኖሮ ማታ 5 ሰዓት ላይ ሰው ሲተኛ ሲናሩ ከፍ ይል ነበር። የሷ ግን ማታ 1 ሰዓትም 1፣ ማታ 5 ሰዓትም 2 ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ይሄ ከሬፈረንስ ሲግናል ግጭት ጋር የሚሄድ ነገር ነው። በተቃራኒው ሲናሩ በሁለቱም ሰዓት ጥሩ ሆኖ ፍጥነቱ ብቻ ማታ 1 ሰዓት ላይ ቢወድቅ፣ ያ ኢንተርፈረንስ ሳይሆን ሴሉ በሰው ተጨናንቆ ነው የሚል ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር።

ሁለቱ ሴሎች ከአንድ ሳይት ናቸው ወይስ ከሁለት? ይሄንንም ከስልክ ማወቅ ይቻላል። ስልኩ አንዱ ሴል ላይ ሲሆን የሚያሳየውን ረጅሙን የሴል ቁጥር፣ CI የሚለውን፣ ያዙ፣ ትንሽ ሄዳችሁ ሌላው ሲይዛችሁ የሱንም ያዙ፣ ከዛ፦

```
eNodeB ID = CI / 256
```

ነጥብ በኋላ ያለውን ጣሉት። ሁለቱ ውጤት ከተለያየ ሁለት ሳይት ናቸው። የሷ ተለያየ። ስለዚህ ከሁለት አንዱ ሳይት እዚህ ጥግ ድረስ መድረስ የሌለበት ሆኖ እየደረሰ ሊሆን ይችላል፣ ኦቨርሹት የምንለው፣ አንቴናው ትንሽ ወደ ታች ቢዘነበል የሚሻለው ዓይነት።

"ሊሆን ይችላል" አልኩ። ማወቅ ያልቻለችው ይሄ ነው፦ የአንቴናውን ከፍታና ቲልት አታውቅም፣ ሴሎቹ በጊዜ መናበባቸውን አታውቅም፣ የሲስተሙን ካውንተር አላየችም፣ የለካችውም በአንድ ስልክ ነው። ይሄንን ደብዳቤው ላይ ታስገባዋለች። ጀማሪ ሆኖ የት ድረስ እንደሚያውቅ የሚያውቅ ሰው ለኛ ሥራ በጣም ይመቻል፣ ምክንያቱም እርግጠኛ ያልሆነውን ነገር እርግጠኛ መስሎ የሚናገር ሰው አንድ ቀን ደህናውን አንቴና አዘንብሎ ሰፈር ሙሉ ያጨልማል።

4. የመጀመሪያው አንቀጽ

"በድረ ገጻችሁ ላይ የወጣውን ማስታወቂያ ተመልክቼ" ብላችሁ አትጀምሩ፣ ኤችአሩ የት እንዳያችሁት በፎርሙ ላይ ጠይቋችኋል። ያያችሁትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የምታመለክቱበትን ቦታ በአንድ፣ ምን ተምራችሁ መቼ እንደተመረቃችሁ በአንድ። ሦስት ዓረፍተ ነገር አለቀ።

ዓመቱ ላይ ተጠንቀቁ። 2017 ተመረቅኩ ብላችሁ እንግሊዝኛው ላይ ከጻፋችሁ፣ ቫካንሲው ደግሞ "ከተመረቀ ከሁለት ዓመት ያልበለጠው" የሚል ከሆነ፣ የውጭ ሰው ወይም ሲስተሙ ራሱ ከስምንት ዓመት በፊት የተመረቃችሁ አድርጎ ሊጥላችሁ ይችላል። 2025 በሉ። ሰዓትም እንደዛው፣ ማታ 1 ሰዓት የሚለውን 7 ፒኤም አድርጉት፣ አለበለዚያ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ለካሁ ያላችሁት ከእኩለ ሌሊት በኋላ የለካችሁት ይመስላል፣ መከራከሪያችሁ በሙሉ ይገለበጣል።

5. ኢንተርንሺፕና ፋይናል ፕሮጀክት

እዚህ ላይ አጭር ሁኑ፣ የምትመርጡት ግስ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ኢንተርንሺፕ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ ኢንጂነሩ ድራይቭ ቴስት ሲሠራ ካያችሁ "ተመልክቻለሁ" በሉ፣ ሎጉን ወደ ካርታ ያወጣችሁት እናንተ ከሆናችሁ "ሎጉን አውጥቻለሁ" በሉ። ቴምስ ወይም ኔሞ "እችላለሁ" ብሎ የጻፈ ሰው ኢንተርቪው ላይ "እሺ፣ ሾርት ኮልና ሎንግ ኮል ለየብቻ የምናደርገው ለምንድነው?" ሲባል ዝም ካለ፣ ከዛ በኋላ ያለው እውነት ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል። ለማንኛውም መልሱ፣ አጭሩ ጥሪ እየተደጋገመ ጥሪው መገናኘት አለመገናኘቱን ያሳያል፣ ረጅሙ ደግሞ ሳይቆረጥ መቆየቱንና ከሴል ወደ ሴል መተላለፉን።

የአቶል ፕሮጀክት ካላችሁ ደግሞ አንድ ቴክኒካዊ ነገር አስገቡበት፣ "ይሄን ያህል ሳይት ያስፈልጋል ብዬ አሰላሁ" ብቻ አይደለም። የትኛውን የፕሮፓጌሽን ሞዴል ለምን መረጣችሁ? እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኮስት 231 ሃታ የተሠራው ከ1500 እስከ 2000 ሜጋኸርዝ ላለው ነው። 1800 ላይ ከሠራችሁበት ሰላም ነው፣ 2600 ላይ ከሠራችሁበት ግን ወይ አታንሱት ወይ ገደቡን እንደምታውቁ ጻፉ፣ ምክንያቱም የሚያነብ ኢንጂነር እዛ ላይ ዓይኑ ይተከላል። ገደቡን አውቃችሁ ከጻፋችሁት እንደውም ይጠቅማችኋል።

6. ሙሉው ደብዳቤ

የተመራቂዋ ደብዳቤ በአማርኛ ይሄን ይመስላል። ከዚህ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ቁጥሮቹን እንዳትገለብጡ አደራ፣ ሁላችሁም 87 እና 213 ይዛችሁ ከመጣችሁ እኔ ነኝ የምስቀው።

> ለሰው ኃይል ክፍል
>
> ጉዳዩ፦ ለራዲዮ ኔትወርክ ኦፕቲማይዜሽን ትሬኒ የሥራ መደብ ማመልከቻ
>
> ከዩኒቨርሲቲዬ በር እስከ ታክሲ መያዣው ባለው መንገድ ላይ አንድ ጥግ አለ፤ ስልክ ሙሉ ሲግናል ያሳያል፣ ኢንተርኔቱ ግን ይዘገያል። ምክንያቱን ለማወቅ በስልኬ ለካሁ፤ ለዚህ የትሬኒ መደብ የማመለክተውም ስልክ ሊመልስልኝ ያልቻለውን የቀረውን ጥያቄ በሥራ ላይ መማር ስለምፈልግ ነው። በ2025 ከኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና በኮሙኒኬሽን ስትሪም ተመርቄያለሁ።
>
> 400 ሜትሩን መንገድ በሁለት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ በእግር ተመላለስኩ፤ ሦስቱ ተጠቃሚ በሚበዛበት ማታ 1 ሰዓት፣ ሦስቱ ማታ 5 ሰዓት። ጥጉ ላይ ያገለገለኝ ሴል አርኤስአርፒ -82 ዲቢኤም ሲሆን በተመሳሳይ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለ ሌላ ሴል -84 ዲቢኤም ነበረው። ሲናር ከ1 እስከ 2 ዲቢ፣ ዳውንሎድ 3 ሜጋቢት በሰከንድ አካባቢ ነበር። 150 ሜትር ርቄ አርኤስአርፒው በ6 ዲቢ ቢቀንስም ሲናር 17 ዲቢ፣ ዳውንሎድ 28 ሜጋቢት በሰከንድ ደረሰ። ስለዚህ ችግሩ የሽፋን ሳይሆን የኢንተርፈረንስ ነው ብዬ ገመትኩ።
>
> የሁለቱ ሴሎች ፒሲአይ ለ3 ሲካፈል ቀሪው እኩል ነው፤ ሲናሩም ጫና በሚቀንስበት ሰዓት አልተሻሻለም። ይህ ከሬፈረንስ ሲግናል ግጭት ጋር ይስማማል። ሴሎቹ ከሁለት የተለያዩ ሳይቶች ስለሆኑ አንደኛው ከታሰበለት ርቀት በላይ እየደረሰ ሊሆን ይችላል። የአንቴናውን ከፍታና ቲልት፣ የሴሎቹን የጊዜ መናበብ እና የኔትወርኩን ካውንተር ማየት ስለማልችል፣ የለካሁትም በአንድ ስልክ ስለሆነ፣ ይህን እንደ ጥርጣሬ እንጂ እንደ ድምዳሜ አላቀርበውም።
>
> በአራተኛ ዓመት ኢንተርንሺፕ ወቅት የድራይቭ ቴስት ሥራን ተመልክቻለሁ፤ የተሰበሰበውን ሎግ ወደ ካርታ የማውጣቱን ሥራ ደግሞ ራሴ ሠርቻለሁ። የመመረቂያ ሥራዬ በ1800 ሜጋኸርዝ የኤልቲኢ ሽፋን ግምት ነበር፤ ሞዴሉ በመሬት ላይ ልኬት አልተስተካከለም፤ ልኬት ላይ ያተኮርኩትም ከዚያ በኋላ ነው። የመንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ለመስክና ለሌሊት ሥራ ዝግጁ ነኝ። የልኬቱን ፋይልና ካርታ በተጠየቅሁ ጊዜ አቀርባለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር

ልብ ብላችሁ ከሆነ ደብዳቤው ውስጥ ታታሪ የሚል ቃል የለም፣ ስድስት ጊዜ የተመላለሰች ልጅ ታታሪ ናት ብሎ የሚጨምረው አንባቢው ነው። የኦፕሬተሩም ስም የለም። የምታመለክቱበት ድርጅት ራሱ የለካችሁት ኔትወርክ ባለቤት ከሆነ "የእናንተ ኔትወርክ እዚህ ጋ ይበላሻል" ማለት ባለቤቱን እቤቱ ሄዶ እንደመስደብ ነው፣ ሌላ ኦፕሬተር ከሆነ ደግሞ ተፎካካሪ እንደማማት ይሆናል። ሲጠይቋችሁ ትናገራላችሁ።

የመንጃ ፈቃድና የሌሊት ሥራ ዓረፍተ ነገሯን ያስገባኋት ለማሳመር አይደለም። ፓራሜትር የሚቀየረው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፣ ድራይቭ ቴስት ደግሞ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ነው። መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ ዝም በሉ፣ "በቅርቡ አወጣለሁ" አይጻፍም።

7. ከመላካችሁ በፊት አሃዶቹን እዩ

ይሄ ትንሽ ይመስላል ግን አንድ ሰው ገብቶታል ወይስ ገልብጧል የሚለው እዚህ ይታወቃል። የአንድ ሲግናል መጠን በ `dBm` ነው፣ የሁለት መጠን ልዩነት ግን በ `dB`። ከ-82 ወደ -88 ስንወርድ 6 `dB` ነው የቀነሰው፣ 6 `dBm` ብላችሁ ከጻፋችሁ ወደ 4 ሚሊዋት ነው ያላችሁት፣ ስልክ ከሳይት የሚቀበለው ከዚህ ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ሲናርም ሬሾ ስለሆነ `dB` ብቻ ነው። ኔጌቲቭ ምልክቷ ከቁጥሩ ተለይታ ወደ ቀጣዩ መስመር እንዳትወርድም እዩ፣ ወርድ ላይ ይሄ ይከሰታል፣ -84 የነበረው 84 ሆኖ ይነበባል።

ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ፣ የፋይሉን ስም ስማችሁንና የሥራ መደቡን አድርጉት፣ `cover letter final2 (1).pdf` የሚል ስም ስንቴ እንዳየሁ አትጠይቁኝ። ማስታወቂያው ኢሜይል ሰብጀክት ላይ የሚጻፍ ኮድ ከሰጠ እሱን እንዳለ ገልብጡ። ካርታውን አብራችሁ አታያይዙ፣ ካልተጠየቀ አያስፈልግም፣ ደብዳቤው ላይ "አቀርባለሁ" ብላችኋል።

8. ሎጉን አታጥፉት፣ ይጠየቃል

ደብዳቤው ከሠራ ኢንተርቪው ላይ የሚያወሩት ስለዛ ጥግ ነው፣ እና እኔ ብሆን የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነው፦ "ፒሲአዩን አንዱን ብንቀይረው ይድናል?" ብዙ ልጅ እዚህ ጋ "አዎ!" ይላል፣ ምክንያቱም ደብዳቤው ላይ ራሱ ግጭት ነው ብሏል። መልሱ ግን ግማሽ አዎ ነው። ፒሲአዩ ሲቀየር ሬፈረንስ ሲግናሎቹ ይለያያሉ፣ ስለዚህ ጸጥ ባለ ሰዓት ስልኩ ላይ የሚታየው ሲናር ይሻሻላል። ግን ሁለቱ ሴሎች ጥጉ ላይ አሁንም እኩል ይጮሃሉ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ጎረቤቱ ዳታ ሲልክ ያ ዳታ የእናንተ ላይ ይወድቃል፣ ቪዲዮውም ይሽከረከራል። ዋናው መድሃኒት አንዱ ሴል ከዛ ጥግ እንዲወጣ ማድረግ ነው፣ ቲልት ማለት ነው፣ ያም ቢሆን ያኛው ሴል የሚሸፍነው ሌላ ሰፈር ቀዳዳ እንዳይሆን ከታየ በኋላ። ቀጥሎ "ካስተካከልን በኋላ መሻሻሉን በምን ታውቂያለሽ?" ቢሏት ያንኑ 400 ሜትር፣ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ሁለት ሰዓት እንደገና እሄድበታለሁ፣ የድሮውንም ሎግ አጠገቡ አስቀምጬ አያለሁ ትላለች፣ ለዛ ነው ሎጉ የሚያስፈልጋት።